የቆሼ ሰሞን ፎቶና ስልክ ቁጥር ዛሬም ጉግል ላይ ከወጣ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ያለው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። በቀጣዮቹ ቀናት የአገር ውስጥና የውጭ ዜና ተቋማት ፎቶ አንሺዎች እዚያው ነበሩ። ደረቷን እየመታች የምታለቅስ እናት፣ ቆፋሪውን ማሽን ዓይኑን ሳይነቅል የሚያይ ልጅ፣ የሬሳ ሣጥን ተሸክመው የሚሄዱ ጎረቤቶች በዓለም ዙሪያ ታዩ። እንዲህ ባለ ሐዘን ጊዜ ከፎቶው ጎን የእርዳታ ጥሪ ይወጣል፤ ጥሪው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይዞ ከገጽ ገጽ ይገለበጣል። ያኔ ሁሉም የተለጠፈው ለበጎ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ያ ልጅ ሥራ ሲያመለክት ስሙን ጉግል ላይ የጻፈ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው በሕይወቱ የከፋውን ቀን ሊሆን ይችላል። አጭበርባሪም ያንኑ ፎቶ አንስቶ የራሱን ሒሳብ ቁጥር ከሥሩ ሊጽፍበት ይችላል።

እንዲህ ያለውን ነገር ከመፈለጊያ ውጤት እንዲያወጡ ጉግልንና ቢንግን መጠየቅ ይቻላል፤ ክፍያም የለውም። ብዙ ሰው ጠይቆ የሚቀርበት ምክንያት ጉዳዩ አሳዛኝ ስላልሆነ አይደለም፤ የተሳሳተ በር ስለሚያንኳኳ ነው። ጉግል ፎቶውን አላስቀመጠም፤ ፎቶው የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ። ስለዚህ ማመልከቻዎን የሚመዝነው በሐዘንዎ ልክ ሳይሆን ነገሩ ዛሬ ምንጩ ላይ ባለበት ሁኔታ ነው። ከምንጩ ጠፍቶ ጉግል ላይ ብቻ ቀርቶ ከሆነ አንድ በር አለ። ምንጩ ላይ እስካሁን ካለ ሌላ በር ነው። የራቁት ወይም የወሲብ ምስል ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ በር አለ፤ የደረሰብዎት ይህ ከሆነ ሌላውን ትተው በቀጥታ ወደ 6ኛው ደረጃ ይለፉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ የታሰበ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። አንዲት እናት ከአደጋው በኋላ የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ፎቶ ተነሥታለች። ፎቶው ስሟን ከሥሩ ይዞ በአንድ የውጭ ዜና ገጽ ላይ ወጥቷል። አንድ የአገር ውስጥ ድረ ገጽ ደግሞ የእርዳታ ጥሪ ብሎ ስሟን፣ ስልኳንና የባንክ ሒሳብ ቁጥሯን አትሟል። አንድ የቴሌግራም ቻናል ጥሪውን ገልብጦታል።

1. የሚወጣውን ሁሉ መዝግቡ

ማመልከቻው የሚቀርበው በስም ሳይሆን በሊንክ ነው። ያልመዘገቡት ሊንክ አይነሣም። ስለዚህ ስልክዎ ላይ አዲስ የግል መስኮት ከፍተው፣ ማለትም ጉግል እርስዎን በማያውቅበት ሁኔታ፣ ስሙን በሚጻፍበት መንገድ ሁሉ ይፈልጉ። የእኛ ስም እዚህ ላይ ይፈትናል። ፀሐይና ጸሀይ፣ ኃይሉና ሀይሉ ጉግል ላይ የተለያየ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ቆሼ ራሱ `Koshe`ም `Qoshe`ም ሆኖ ይገኛል። ስም ብቻውን ብዙ ሞክሼ ስላለው የአባትና የአያት ስም እየጨመሩ፣ ከዚያም ሰፈሩን እየጨመሩ ይሞክሩ። ስልክ ቁጥሩን በ09 ጀምረው፣ ቀጥሎም በ+251 ጀምረው ይፈልጉ። ለፎቶ ጉግል ሌንስን ይጠቀሙ፤ ፎቶውን ሲሰጡት ተመሳሳዩ የወጣባቸውን ሌሎች ገጾች ያሳያል።

ለእያንዳንዱ ውጤት የገጹን ሊንክ፣ ውጤቱን ያመጣውን የፍለጋ ቃልና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት ይያዙ። ፎቶ ከሆነ ሁለት ሊንክ ያስፈልጋል፤ ፎቶው የተለጠፈበት ገጽ አንድ፣ የፎቶው የራሱ ፋይል አንድ። በጣም የተለመደው ስሕተት እዚህ ነው። ጉግል ምስሎች ላይ የሚታየውን ትንሽ ምስል ጠቅ አድርገው ሊንኩን ከቀዱ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት `encrypted-tbn0.gstatic.com` ብሎ የሚጀምር አድራሻ ነው። ይህ ጉግል ለራሱ ያሳነሰው ቅጂ እንጂ የምንጩ አድራሻ አይደለም፤ ይዘውት ቢያመለክቱ ጉግል የቱን ገጽ ማየት እንዳለበት አያውቅም። ምስሉን ተጭነው ምንጩ ገጽ ውስጥ ይግቡ፤ ሊንኩን ከዚያ ይቅዱ። ይህን ሁሉ ኢንተርኔት ካፌ ወይም የሰው ስልክ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ሲጨርሱ ከኢሜይልዎ ይውጡ፣ ስክሪንሾቶቹንም ይሰርዙ። ልጅ ወይም ጎረቤት የሚያግዝዎት ከሆነም መልሱ የሚመጣበት ኢሜይል እርስዎ ሊከፍቱት የሚችሉት ይሁን።

2. እያንዳንዱን ሊንክ ከፍታችሁ ለዩ

አሁን ሊንኮቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ። በምሳሌያችን የቴሌግራሙ ልጥፍ ተሰርዟል እንበል፤ ጉግል ላይ ግን ከርዕሱ ሥር ባለው አጭር ጽሑፍ ውስጥ ስልክ ቁጥሩ አሁንም ይነበባል። የእርዳታ ጥሪው ድረ ገጽ ላይ እንዳለ አለ። የውጭው ዜና ገጽም እንዲሁ። የመጀመሪያው የ4ኛው ደረጃ ጉዳይ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ከ3ኛው ደረጃ ይጀምራሉ።

3. መጀመሪያ ለባለገጹ ጻፉ

ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ ባለገጹን መለመን ክብር የሚነካ ይመስላቸዋል፣ ወይም ማንም እንደማይመልስ እርግጠኛ ይሆናሉ። እኔ ግን ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ነው ባይ ነኝ። ጉግል ውጤቱን ቢያወጣ ገጹ በቢንግም፣ በቀጥታ ሊንክም፣ ሌላ ሰው ሲቀባበለውም ይኖራል። ባለገጹ ካጠፋው ግን ጉግልም ቢንግም የሚያሳዩት አይኖራቸውም፤ የቀረውን ለማጽዳት የ4ኛው ደረጃ አጭር ሥራ ይበቃል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ የሚጠይቀውም ነገር ትንሽ ይሁን። «ጽሑፉን አጥፉ» የሚል ጥያቄ አዘጋጁን ለክርክር ያስነሣል። «በዚህ ሊንክ ላይ ባለው የእርዳታ ጥሪ ውስጥ ስልክ ቁጥሬና የባንክ ሒሳብ ቁጥሬ አሁንም ይታያል። ጥሪው ጊዜው አልፏል። ሁለቱን ቁጥሮች ከገጹ እንድታነሡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ጽሑፉ ሊቆይ ይችላል» የሚል ጥያቄ ግን አምስት ደቂቃ በማይፈጅ ሥራ ይፈጸማል፤ እምቢ ለማለትም ምክንያት አይሰጥም። ለዜና ፎቶም እንዲሁ ነው። ፎቶው እንዲወገድ ከመጠየቅ ይልቅ ከሥሩ ያለው ስም እንዲነሣ ይጠይቁ። ስምዎን የሚፈልግ ሰው ወደ ፎቶው የሚደርሰው በአብዛኛው በዚያ በተጻፈው ስም በኩል ነውና።

እዚህ ላይ መልስ የሚገባው ተቃውሞ አለ። የቆሼ ፎቶዎች ማስረጃ ናቸው፤ ሰዎች ክምር ሥር ቤት ሠርተው እንዲኖሩ መተዋቸውን፣ ከዚያም ማለቃቸውን ያሳያሉ፤ እየተነሡ ቢጠፉ ተጠያቂነትም አብሮ ይጠፋል ይላል። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ጥያቄው ፎቶው ከማኅደር እንዲጠፋ ከሆነ ነው። አንዲት እናት ስሟን ከፎቶው ሥር ብታስነሣ ግን ክምሩ መናዱን፣ ስንት ሰው መሞቱን፣ ማን ምን ማድረግ እንደነበረበት የሚናገረው ማስረጃ አንድም አይቀነስም። ስልክ ቁጥሯ ደግሞ ከመጀመሪያውም የማንም ማስረጃ አልነበረም።

ባለገጹ ጽሑፉን ምንም ሳይነካ ለማቆየት ከፈለገ መካከለኛ መንገድ አለ። በገጹ ኮድ ራስጌ ውስጥ ይህችን መስመር ያስገባ፤

```
<meta name="robots" content="noindex">
```

ገጹ ለሚከፍተው ሰው ይኖራል፤ ጉግልና ቢንግ ግን ተመልሰው ሲያነቡት ከውጤታቸው ያወጡታል። የአገራችን ድረ ገጽ ሠሪዎች በቅን ልቦና ሲሳሳቱ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ገጹን `robots.txt` በሚባለው ፋይል ይዘጉታል። ያን ጊዜ ጉግል ገጹን እንዳያነብ ስለተከለከለ የተጻፈችውን መስመር አያያትም፤ ውጤቱም ባለበት ሊቀር ይችላል። ለባለሙያው ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

የሚጽፉት ለአገር ውስጥ የእርዳታ ድርጅት፣ ለሆስፒታል ወይም ለመሥሪያ ቤት ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይጥቀሱ። አዋጁ ሰው ስለራሱ የተያዘ መረጃ እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በደብዳቤው ውስጥ ከማስፈራራት ይልቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

4. ከምንጩ የጠፋውን ከጉግል ማጽዳት

ገጹ ከጠፋ፣ ወይም ቁጥሩ ከገጹ ከተነሣ በኋላ ጉግል ራሱ ተመልሶ እስኪያነበው ድረስ አሮጌው ጽሑፍ ሊታይ ይችላል። ብዙ ሰው የማይጎበኘው ገጽ ከሆነ ይህ ሊዘገይ ስለሚችል አይጠብቁ። በጂሜይል አካውንትዎ ገብተው ይህን መሣሪያ ይክፈቱ፤

```
https://search.google.com/search-console/remove-outdated-content
```

አዲስ ጥያቄ ሲጀምሩ `Page` ወይም `Image` ብለው ይመርጣሉ። ገጹ ጨርሶ ከጠፋ ሊንኩ ብቻ ይበቃል። ገጹ ካለና ቁጥሩ ብቻ ከተነሣ መሣሪያው አንድ ቃል ይጠይቅዎታል፤ ጉግል ላይ አሁንም የሚታይ፣ ዛሬ ባለው ገጽ ላይ ግን የሌለ ቃል። ብዙ ጥያቄ የሚወድቀው በዚህች ቃል ነው። ስምዎን ከጻፉና ስምዎ ገጹ ላይ በአስተያየት መስጫው ወይም በግርጌው አንድ ቦታ ቀርቶ ከሆነ መሣሪያው «ቃሉ አልጠፋም» ብሎ ይመልስዎታል። በምሳሌያችን የሚጻፈው ስሟ ሳይሆን ስልክ ቁጥሩ ነው፤ በውጤቱ ላይ እንደሚታየው፣ ክፍተቱም ሳይቀር። የቴሌግራሙም ነገር እንዲሁ ነው። ልጥፉ ቢሰረዝም ሊንኩ የቻናሉን ስም ይዞ ሊከፈት ስለሚችል «ገጹ ጠፍቷል» ከማለት በቃሉ መንገድ መሄድ ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ ድረ ገጹ «የፈለጉት ገጽ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ እያሳየ በውስጥ ግን ለጉግል «ገጹ አለ» እያለ ሲመልስ ነው። ሰው ሲያየው ጠፍቷል፤ ማሽኑ ሲያየው አልጠፋም። ያለምክንያት ውድቅ የተደረገ ሲመስልዎ ባለገጹን በትክክለኛው መንገድ፣ ማለትም 404 በሚባለው ምልክት እንዲያጠፋው ይጠይቁ። የጥያቄዎ ሁኔታ እዚያው መሣሪያው ላይ ይታያል፤ `Pending` በመጠባበቅ ላይ፣ `Approved` ተቀባይነት ያገኘ፣ `Denied` ውድቅ የሆነ ነው።

5. ባለገጹ ዝም ካለ

ደብዳቤውን ልከው መልስ ካጡ አሁን ጉግልን በቀጥታ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጉግል ምንጩ ላይ ያለን ነገር የሚያወጣው ግን ለይቶ ለዘረዘራቸው ዓይነቶች ነው። ስልክ ቁጥር፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የፊርማ ምስል፣ የሕክምና ማስረጃ ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ስም ብቻውን የለበትም፤ ሐዘን ላይ ያለ ፊትም የለበትም። ቅጹ ይህ ነው፤

```
https://support.google.com/websearch/troubleshooter/9685456
```

ሲሞሉ የትኛው መረጃ እንደሆነ በስሙ ይጥሩት፤ በስክሪንሾቱም ላይ የት እንዳለ በግልጽ ይታይ። «ስለ እኔ መጥፎ ተጽፏል» የሚል ረጅም አቤቱታ አይረዳም። «በሦስተኛው አንቀጽ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥሬ ተጽፏል» የሚል አንድ መስመር ይረዳል። ገጹ የዜና ወይም የመንግሥት ከሆነና ለሕዝብ የሚጠቅም ሌላ ይዘት ካለው ጉግል እምቢ ሊል ይችላል። ከተቀበለ ደግሞ ሁለት ዓይነት ውሳኔ አለ፤ ገጹን ከማንኛውም ፍለጋ ያወጣዋል፣ ወይም ስምዎ በተጻፈበት ፍለጋ ብቻ እንዳይመጣ ያደርጋል። ሁለተኛውን እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት። ስለ ቆሼ የሚያጠና ሰው ገጹን ያገኘዋል፤ ስምዎን ብቻ የያዘ ሰው ግን አያገኘውም። «ኢንተርኔት አይረሳም፣ ምን ዋጋ አለው» ለሚሉትም መልሱ እዚህ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ስምን በመፈለግ ከሆነ ያንን መንገድ መዝጋት በራሱ ውጤት ነው።

ለልጆች የተለየ ደንብ አለ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ጉግል አሁን ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ምስል ከውጤቱ እንዲወጣ ልጁ ራሱ፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲጠይቅ ያወጣል፤ የተለየ የሕዝብ ጥቅም ወይም የዜና ፋይዳ ያለው ምስል ግን ሊቆይ ይችላል። ወሳኙ ቃል «አሁን» የሚለው ነው። በ2009 ዓ.ም. 7 ዓመቷ የነበረች ልጅ 18 የሚሞላት በ2020 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ እናቷ በዚህ በር ትገባለች። ያኔ 12 ዓመቱ የነበረ ወንድሟ ግን ፎቶው ላይ ልጅ ቢሆንም ዛሬ ይህ በር አይከፈትለትም። ቅጹን ጉግል የእርዳታ ገጽ ላይ `images of minors` ብለው ሲፈልጉ ያገኙታል። ዋናውን የዜና ፎቶ እንኳ ባያወጣው፣ ፎቶው በየመዝናኛ ገጹና በየቪዲዮ ሽፋኑ የተለጠፈባቸውን ቅጂዎች እያንዳንዳቸውን ማመልከት ይገባል፤ ለእነዚያ የዜና ፋይዳ የሚለው ምክንያት በጣም የሳሳ ነው።

6. የራቁት ወይም የወሲብ ምስል ከሆነ

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ለለጣፊው አይጻፉ፤ ለጣፊው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ፈላጊ ነው፣ መልስ ማግኘቱም ምስሉ እንደሚያሠቃይዎ ያረጋግጥለታል። በቀጥታ በጉግል የእርዳታ ገጽ ላይ ያለውን ቅጽ ይሙሉ። ያለ ፈቃድ የተለጠፈ የራቁት ምስል፣ በኮምፒዩተር ተቀናብሮ የእርስዎን ፊት የያዘ የሐሰት ምስልም ጭምር፣ ከውጤቱ ይወጣል። በቅጹ ላይ ተመሳሳይ ቅጂዎችም እንዲጣሩ፣ በስምዎ ሲፈለግም ተመሳሳይ ይዘት እንዳይመጣ መጠየቅ ይቻላል፤ ምርጫውን ሲያዩ ምልክት ያድርጉበት። ስክሪንሾት ሲልኩ የሰውነት ክፍሉን መሸፈን ይችላሉ። በምስሉ ላይ ያለው ሰው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን ስክሪንሾት አያንሡ፣ ለማንም አይላኩ፤ ሊንኩን ብቻ ይቅዱ።

ምስሉ በእጅዎ ካለ `stopncii.org` ሌላ መከላከያ ነው። ምስሉ ከስልክዎ አይወጣም፤ ስልክዎ ላይ ከምስሉ የተሠራ አሻራ የሚመስል ቁጥር ብቻ ነው የሚላከው። ተባባሪ የሆኑ ድርጅቶች ያንን አሻራ ያለው ምስል ሲያገኙ ያግዳሉ፤ ቢንግ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይጠቀምበታል። ምስሉ ሲነሣ ከ18 በታች ለነበሩ ደግሞ `takeitdown.ncmec.org` አለ። የሚያስፈራራ ሰው ካለ መልእክቶቹን ሳይሰርዙ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት ማስፈራራትንና ክብርን የሚያዋርድ ምስል ማሰራጨትን በአንቀጽ 13 ወንጀል አድርጎታል።

7. ቢንግ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ ድጋሚ ማየት

ጉግል ያወጣው ቢንግ ላይ ይቀራል። ዳክዳክጎና ያሁም ከቢንግ ስለሚወስዱ አንድ ማመልከቻ ለሦስቱ ይጠቅማል። ከምንጩ የጠፋውን በመጀመሪያው፣ ምንጩ ላይ ያለውን በሁለተኛው ሊንክ ያቅርቡ፤

```
https://www.bing.com/webmasters/tools/contentremoval
https://www.microsoft.com/en-us/concern/bing
```

አውሮፓ ያለ ዘመድ «እኔ በስሜ አስነሥቼዋለሁና አንቺም አመልክቺ» ቢልዎት መንገዱ ለእርስዎ የተለየ መሆኑን ይወቁ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. በጉግል ላይ በሰጠው ውሳኔ ምክንያት በስም ሲፈለግ የሚመጣ ጊዜው ያለፈበት ዜና እንዲነሣ መጠየቅ የሚችሉት እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ ቢሆኑም። ፍርድ ቤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጉግል ይህን በመላው ዓለም እንዲፈጽም አልተገደደም ብሏል። ስለዚህ ስቶክሆልም የሚኖር የቆሼ ልጅ ያስነሣው ውጤት አዲስ አበባ ላይ ስሙ ሲፈለግ ሊታይ ይችላል። እዚህ ላለው ቤተሰቡ የሚረዳው አሁንም በ3ኛው ደረጃ ስሙን ከፎቶው ሥር ማስነሣት ነው።

ውሳኔዎቹ በኢሜይል ሲደርሱ የመጀመሪያ ቀን የያዙትን ዝርዝር አውጥተው ከእያንዳንዱ ሊንክ ጎን ቀኑንና መልሱን ይጻፉ። ውድቅ የተደረገውን ያንኑ ደግመው አይላኩ፤ መጀመሪያ የቱ በር እንደነበር ይዩ። በምሳሌያችን የእርዳታ ጥሪው ባለገጽ ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሮቹን ቢያነሣ ጉዳዩ ከ5ኛው ደረጃ ወደ 4ኛው ተዛውሯል፤ ያን ዕለት የሚሠራው ቀድሞ እምቢ የተባለበት ቅጽ ሳይሆን የጠፋውን የሚያጸዳው መሣሪያ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ስሙንና ቁጥሩን በሁሉም አጻጻፍ፣ ፎቶውንም በሌንስ ድጋሚ ይፈልጉ። በመጋቢት ሰሞን የአደጋው መታሰቢያ ሲደርስ የድሮ ፎቶዎች አዲስ ሊንክ ይዘው ሊለጠፉ ይችላሉ፤ አዲስ ሊንክ ደግሞ አዲስ ማመልከቻ ይፈልጋል።